ትልቁን ድርሻ ማሳነስ

ዘጠኝ ምዕራፎች ያሉት አንድ መጽሐፍ ለሦስት አራሚዎች ሊከፋፈል ነው እንበል። ምዕራፎቹ በቅደም ተከተል 12፣ 30፣ 18፣ 25፣ 9፣ 40፣ 16፣ 22 እና 14 ገጽ አላቸው። ምዕራፍ ለሁለት አይቆረጥም፤ ተራውም አይፈርስም፤ እያንዳንዱ አራሚ የሚወስደው ተከታታይ ምዕራፎችን ነው። ሦስቱም እኩል ጀምረው በእኩል ፍጥነት ከሠሩ፣ መጽሐፉ የሚያልቀው ብዙ ገጽ የደረሰው ሰው ሲጨርስ ነው። ጠቅላላው 186 ገጽ እንዴትም ቢከፈል ያው ነው፤ ሊቀነስ የሚችለው የትልቁ ድርሻ መጠን ብቻ ነው።

በፕሮግራመሮች አነጋገር የምዕራፎቹ ተርታ አሬይ ይባላል፤ የክፍሎቹ ቁጥር ደግሞ m በሚለው ፊደል ይወከላል። በዚህ ምሳሌ መቁረጫ ቦታዎቹን በ28 መንገድ መምረጥ ስለሚቻል ሁሉንም ሞክሮ ማወዳደር አያስቸግርም። ምዕራፎቹ 100፣ ክፍሎቹ 10 ሲሆኑ ግን የአከፋፈሉ ብዛት ከ1.7 ትሪሊዮን ያልፋል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

መፍትሔው የሚጀምረው ጥያቄውን በመገልበጥ ነው። «የተሻለው አከፋፈል የቱ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ አስቀድሞ አንድ ጣሪያ ይገመትና «ማንም ከዚህ ጣሪያ በላይ ሳይወስድ ሥራው ለሦስት ሰው ይበቃል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ተርታውን አንድ ጊዜ ብቻ በማለፍ ይመለሳል። ለመጀመሪያው አራሚ ጣሪያው እስከፈቀደ ድረስ ምዕራፍ ይደረብለታል፤ ቀጣዩ ምዕራፍ ከጣሪያው የሚያሳልፈው ከሆነ ያ ምዕራፍ የሁለተኛው አራሚ መጀመሪያ ይሆናል። በዚሁ ሁኔታ እስከ መጨረሻው ይሄድና ስንት ሰው እንዳስፈለገ ይቆጠራል።

ይህ አሠራር ቸኩሎ የሚያድል ቢመስልም ከዚህ ባነሰ ሰው መጨረስ እንደማይቻል ማሳየት ይቻላል። ጣሪያውን የሚያከብር ማንኛውም ሌላ አከፋፈል ቢመጣ፣ የእሱ የመጀመሪያ አራሚ የሚያቆመው እዚያው ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ አልፎ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛውም አራሚ ከእኛው ሁለተኛ አራሚ ዘግይቶ አይጀምርም፤ ዘግይቶ ካልጀመረ ደግሞ ዘግይቶ ሊያቆም አይችልም። ነገሩ እንዲሁ እየተያያዘ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል።

ሁለተኛው ምሰሶ ደግሞ የመልሶቹ ሥርዓት ነው። አንድ ጣሪያ ከበቃ ከእሱ የሚበልጥ ሁሉ ይበቃል፤ ካልበቃ ከእሱ የሚያንስ ሁሉ አይበቃም። ጣሪያዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መልሶቹ መጀመሪያ ሁሉም «አይበቃም»፣ ከአንድ ቦታ በኋላ ሁሉም «ይበቃል» ይሆናሉ። የሚፈለገው ያ መለወጫ ቦታ ነው። እንዲህ ባለ ተርታ ላይ መሐሉን እየጠየቁ ግማሹን መጣል ይቻላል፤ ይህም ባይነሪ ሰርች የሚባለው የታወቀ ፍለጋ ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው አሬይ ውስጥ የተቀመጠ ቁጥር ሳይሆን ራሱ መልሱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ፍለጋው ከ40 እስከ 186 ባለው ክልል ይካሄዳል። ባለ 40 ገጹን ምዕራፍ አንድ ሰው መውሰዱ ስለማይቀር ከ40 በታች ጣሪያ አይኖርም፤ 186 ደግሞ ሁሉንም ለአንድ ሰው መስጠት ነው። መሐሉ 113 ነው፤ በዚህ ጣሪያ ሁለት ሰው ይበቃል። ሦስተኛው ሰው ተረፈ ማለት ነው፣ ግን ችግር የለውም፦ ከአንዱ ድርሻ ተቆርጦ ቢሰጠው ድርሻዎቹ ያንሳሉ እንጂ አይበልጡም። ከዚያ 76 ይሞከራል፤ 60፣ 74 እና 52 ገጽ ሆኖ ለሦስት ሰው ይበቃል። 58 ሲሞከር አራት ሰው ያስፈልጋል፤ 67 እና 72 ላይም እንዲሁ። 74 ይበቃል፤ 73 አይበቃም። በሰባት ሙከራ መልሱ 74 ሆኖ ተገኘ። አማካዩ 62 ገጽ ቢሆንም ምዕራፎች ስለማይቆረጡ ወደዚያ መውረድ አይቻልም።

በፓይተን ቋንቋ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

```python
def parts(a, limit):
    count, total = 1, 0
    for x in a:
        if total + x > limit:
            count += 1
            total = 0
        total += x
    return count

def split(a, m):
    low, high = max(a), sum(a)
    while low < high:
        mid = (low + high) // 2
        if parts(a, mid) <= m:
            high = mid
        else:
            low = mid + 1
    return low
```

ክልሉ በየሙከራው በግማሽ ስለሚቀንስ ጠቅላላ ድምሩ አንድ ቢሊዮን ቢሆን እንኳ ወደ 30 ሙከራ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ሙከራም ተርታውን አንድ ጊዜ ማለፍ ነው።

ስሕተት በብዛት የሚገባው ከሁለት መስመር ነው። አንደኛው `low` ከ`max(a)` ይልቅ ከዜሮ ሲጀምር ነው። `parts` አንድ ምዕራፍ ብቻውን ከጣሪያው ሲበልጥ እምቢ አይልም፤ አዲስ ሰው ቆጥሮ ያልፋል። ዘጠኙ ምዕራፎች ለዘጠኝ ሰው ሲሰጡ ትክክለኛው መልስ 40 ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ስሕተት ፕሮግራሙ 12 ይመልሳል። የሚመጣው መልስ ከትልቁ ቁጥር ካነሰ ስሕተቱ ይኸው ነው። ሁለተኛው `low = mid + 1` በሚለው ፋንታ `low = mid` ብሎ መጻፍ ነው። `low` 73፣ `high` 74 ላይ ሲደርሱ መሐሉ ወደ ታች ተጠጋግቶ 73 ይሆናል፤ 73 ስለማይበቃ `low` እንደገና 73 ይሆናል፤ ፕሮግራሙም እዚያው ሲሽከረከር ይቀራል።

ዘዴው የሚሠራው ቁጥሮቹ ከዜሮ የማያንሱ ሲሆኑ ብቻ ነው። ኔጋቲቭ ቁጥር ከገባ የአስተዳደሉ ማረጋገጫ ይፈርሳል። ለምሳሌ ተርታው 5 እና -3 ቢሆን፣ ሁለቱ አንድ ላይ 2 ብቻ ናቸው፤ ጣሪያውን ከ5 መጀመርም ሆነ ድምሩ ጣሪያውን ባለፈ ቅጽበት መቁረጥ ትክክል አይሆንም።

መልሱ ሌላም ጥያቄ ያስነሳል፦ ሰው መጨመር ምን ያህል ይጠቅማል? በዚህ መጽሐፍ አራተኛ አራሚ ሲጨመር ትልቁ ድርሻ ከ74 ወደ 52 ይወርዳል፤ ትልቅ ለውጥ ነው። አምስተኛው ሲጨመር ግን 49 ላይ ይቆማል፤ ትርፉ ሦስት ገጽ ብቻ ነው። በአምስት ሰው ጊዜ ቆጠራው የሚያወጣው አከፋፈል 42፣ 43፣ 49፣ 38 እና 14 ገጽ ነው። አደላደሉ ከፊት ስለሚያጭቅ የመጨረሻው ሰው ትንሽ ይደርሰዋል። የአራተኛው ሰው ሁለተኛ ምዕራፍ ለአምስተኛው ቢተላለፍ ድርሻዎቹ 16 እና 36 ይሆናሉ፤ ትልቁ ድርሻ ግን ያው 49 ነው። ዘዴው ትልቁን ድርሻ ከማሳነስ አልፎ የቀሩትን አያመጣጥንም፤ ያ ከተፈለገ 49ን እንደ ተወሰነ ጣሪያ ይዞ ከእሱ ከማያልፉት አከፋፈሎች መሐል በሌላ መስፈርት መምረጥ ያስፈልጋል።