ማስታወቂያው በአማርኛ፣ ማመልከቻው በእንግሊዝኛ

የሥራ ማስታወቂያው በአማርኛ ወጥቶ ማመልከቻው በእንግሊዝኛ የሚጻፍበት አጋጣሚ በአገራችን ብዙ ነው። ማስታወቂያውን ሁሉም ሥራ ፈላጊ እንዲያነበው በአማርኛ ያወጣ የግል ድርጅት፣ የመጨረሻውን ምርጫ ለውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ ይተው ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከሲቪው ጋር የሚያያዘው ከቨር ሌተር በእንግሊዝኛ ይሆናል። ሲቪ የሠራነውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ከቨር ሌተር ግን ማስታወቂያው ለጠየቀው ብቻ መልስ ይሰጣል፣ ከአንድ ገጽም አይበልጥም። ስለዚህ አስቀድሞ መተርጎም ያለበት «ተፈላጊ ችሎታ» በሚለው ርዕስ ሥር የሰፈረው ነው።

እንዲህ የሚል ማስታወቂያ እንውሰድ፦ «የሥራ መደብ፦ ስቶር ኪፐር። ተጠሪነት፦ ለፋይናንስ ክፍል ኃላፊ። በሳፕላይ ማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ ዲፕሎማ ያለው/ያላት፤ ከምረቃ በኋላ 2 ዓመት በሙያው የሠራ/የሠራች፤ ፒችትሪ የሚችል/የምትችል ቢሆን ይመረጣል፤ በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል/የምትችል።»

«ተጠሪነት» ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። መዝገበ ቃላት ከፍቶ «ተጠሪ»ን የሚፈልግ ሰው «ሪፕረዘንታቲቭ» የሚለውን ያገኝና የፋይናንስ ኃላፊው ወኪል ነኝ ብሎ ይጽፋል። ማስታወቂያው ግን የቅርብ አለቃህ ማን እንደሆነ ነው የሚነግርህ፤ እንግሊዝኛው «ሪፖርትስ ቱ» ይለዋል። «ዋስ»ም እንደዚያው ነው፤ «ዋራንቲ» የዕቃ ዋስትና ሲሆን ሰው ለሰው የሚገባው ዋስ «ጋራንተር» ይባላል። የቀድሞ መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን መልቀቂያ «ሪዚግኔሽን» ያለ አመልካች ደግሞ ራሱ የጻፈውን የሥራ መልቀቂያ ጥያቄ ያያያዘ ይመስላል፤ ሊል የፈለገው «ሪሊዝ ሌተር» ነበር።

«ይመረጣል» የምትለው ቃል ልዩ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ዲፕሎማውና የ2 ዓመቱ ልምድ ግዴታ ናቸው፤ ያለ እነሱ ማመልከቻው ከመጀመሪያው ማጣሪያ አያልፍም። ፒችትሪ ግን ብልጫ የሚያስገኝ እንጂ የሚያስጥል አይደለም። ሁሉንም ግዴታ አድርጎ የተረጎመ ሰው ፒችትሪ ስለማይችል ብቻ ሳያመለክት ይቀራል፤ ወይም ደብዳቤውን በፒችትሪ ሞልቶ ዋናውን ልምድ በአንድ መስመር ያልፈዋል።

«ከምረቃ በኋላ» የሚለው ደግሞ የቀን መቁጠሪያን ይነካል። አመልካቿ በሐምሌ መጀመሪያ 2013 ዓ.ም. ተመርቃ በመስከረም መጀመሪያ 2014 ሥራ ጀምራ ከሆነ በእንግሊዝኛው ደብዳቤ ምረቃዋ ጁላይ 2021፣ ሥራ የጀመረችውም ሴፕቴምበር 2021 መሆን አለበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ 7፣ ከጥር ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 8 ይደመራል፤ ታኅሣሥ መገባደጃ ላይ የፈረንጆቹ ዓመት ስለሚለወጥ ቀኑን ማየት ያስፈልጋል። ዲፕሎማውን በእኛ፣ ልምዱን በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈ ሰው ዓመታት ሥራ ፈትቶ የቆየ፣ አገላብጦ የጻፈውም ከመመረቁ በፊት ሠርቶ የነበረ ይመስላል።

ሐረጎቹ ከተተረጎሙ በኋላ እያንዳንዳቸው ማስረጃ ይፈልጋሉ። «በሙያው የሠራች» ለሚለው አመልካቿ «ብዙ ልምድ አለኝ» ብትል ምንም አልነገረችም። ይልቅ ገቢ ዕቃን በሞዴል 19፣ ወጪን በሞዴል 22 ትመዘግብ እንደነበር፣ መደርደሪያው ላይ የሚንጠለጠለውን የቢን ካርድ ቁጥር በየወሩ ከቆጠራው ጋር ታመሳክር እንደነበር ትጻፍ። የሞዴል ቁጥሮቹ እኛ ዘንድ የታወቁ ቢሆኑም ለውጭ ሰው እንግዳ ናቸውና አንደኛው የዕቃ መቀበያ፣ ሌላው የዕቃ ማውጫ ሰነድ መሆናቸውን በእንግሊዝኛ መግለጽ አለባት። ይህ አንቀጽ የደብዳቤው ልብ ስለሆነ ረዘም ቢል አይከፋም። ፒችትሪውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ዋሱም መጨረሻ ላይ ሲጠየቅ እንደሚቀርብ ይጠቀሳል። ዋስ የሚፈለገው ሲቀጠሩ ስለሆነ መግቢያው ላይ ማንሳት ቦታ ማባከን ነው።

ደብዳቤው አልቆ ከመላኩ በፊት ማስታወቂያውን ላላየ፣ እንግሊዝኛ ለሚያነብ ጓደኛ ስጡትና «ይህ ድርጅት ምን ዓይነት ሰው ነው የሚፈልገው?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁት። የሚነግራችሁ ነገር ከማስታወቂያው ጋር ከገጠመ ላኩት። ካልገጠመ ሰዋስው ከማረም በፊት ወደ «ተፈላጊ ችሎታ» ተመልሳችሁ የሳታችሁትን ሐረግ ፈልጉ።