ሁለት ነጠላ ሰረዞች የሚለውጡት ትርጉም

አንድ ፋብሪካ በር ላይ «ዘ ወርከርስ ሁ ሳይንድ ዊል ቢ ፔይድ» የሚል የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ቢለጠፍ ገንዘብ የሚያገኙት የፈረሙት ሠራተኞች ብቻ ናቸው፤ ያልፈረመ አይከፈለውም። «ሁ ሳይንድ» የሚለው ከፊትና ከኋላው በነጠላ ሰረዝ ከታጠረ ግን፣ ማለትም «ዘ ወርከርስ፣ ሁ ሳይንድ፣ ዊል ቢ ፔይድ» ከተባለ፣ ሠራተኞቹ በሙሉ ፈርመዋል፣ ለሁሉም ይከፈላል ማለት ነው። አንድም ቃል ሳይለወጥ ክፍያው ከጥቂቶች ወደ ሁሉም ዞረ።

የመጀመሪያው ዓይነት ለዪ ሊባል ይችላል፤ ከብዙዎች መካከል የትኞቹ እንደተፈለጉ ይለያልና። ቢወጣ የዓረፍተ ነገሩ ፍሬ ይጠፋል። ሁለተኛው ጭማሪ ነው፤ ማን እንደሆነ አስቀድሞ በታወቀ ሰው ወይም ነገር ላይ አንድ ወሬ ያክላል። ስለዚህ እናትን በተመለከተ «ማይ ማዘር፣ ሁ ሊቭስ ኢን ጎንደር፣» ሲባል ሰረዙ የግድ ነው። ሰው ያለው አንዲት እናት ስለሆነች ጎንደር መኖሯ ከሌላ እናት አይለያትም። በንግግር የሰረዙን ሥራ የሚሠራው ድምፅ ነው፤ ተናጋሪው ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጥቂት ያርፋል።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የሚቸገርበት ምክንያት አለው። «የፈረሙት ሠራተኞች ይከፈላቸዋል» ሲባል ገላጩ ከስሙ በፊት ስለሚመጣ ሰረዝ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ሁለቱም ትርጉም በአንድ «የፈረሙት» ውስጥ ተሸሽጓል። ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ታዲያ ሰረዙን ከመወሰኑ በፊት «ያልፈረመ ሠራተኛ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ካለ ሰረዝ የለም፤ ከሌለ ሰረዝ ይኖራል።

ሁለቱን የሚያገናኙት ቃላት ለሰው «ሁ»፣ ለነገር «ዊች»፣ ለሁለቱም የሚሆነው «ዛት» ናቸው። «ዛት» ግን ለለዪው ብቻ ነው፤ በሰረዝ በታጠረ ጭማሪ ውስጥ አይገባም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው የአጠቃቀም መዝገበ ቃላት «ዊች» ለጭማሪ፣ «ዛት» ለለዪ ቢመደብ ይሻላል ብሎ መክሮ ነበር። ምክሩን አጥብቀው የያዙት ብዙ የአሜሪካ አርታዒዎች ናቸው፤ በብሪታንያ ለለዪውም «ዊች» መጻፍ የተለመደ ነው። ለተማሪ ይህ ልዩነት ሊያስጨንቅ አይገባም።

አገናኙ ቃል መቼ ይቀራል? በሰረዝ ከታጠረው ፈጽሞ አይቀርም። ከለዪው የሚቀረው ደግሞ ባለቤት ካልሆነ ብቻ ነው። «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢዝ ኦልድ»፣ የገዛሁት መጽሐፍ አሮጌ ነው፣ በሚለው ውስጥ የገዛው «አይ» ነው፤ «ዛት» የተገዛውን ይወክላል። ስለዚህ «ዘ ቡክ አይ ቦት ኢዝ ኦልድ» ቢባል ምንም አይጎድልም፤ እንዲያውም በንግግር የሚበዛው ይኸኛው ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ከአገናኙ ቃል ቀጥሎ እንደ «አይ» ያለ ሌላ ባለቤት ከመጣ ቃሉ ሊቀር ይችላል፤ ግስ ከመጣ አይቀርም።

ግስ ሲመጣ የማይቀርበትን ምክንያት በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። «ዘ ማን ሁ ሶልድ ሚ ዘ ቡክ ኢዝ ኦልድ»፣ መጽሐፉን የሸጠልኝ ሰው ሽማግሌ ነው፣ ከሚለው «ሁ» ይውጣ። አንባቢው «ዘ ማን ሶልድ ሚ ዘ ቡክ» ሲል ሰውየው መጽሐፍ ሸጠልኝ የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር የጨረሰ ይመስለዋል፤ ከዚያ «ኢዝ ኦልድ» ይመጣና ማንን እንደሚገልጽ ግራ ይገባዋል። ሌላው ክልከላ እንደ «ኢን» ያለ መስተዋድድ ከአገናኙ ፊት ሲቆም ነው። «ዘ ሀውስ ኢን ዊች አይ ሊቭ» ከሚለው «ዊች» አይወጣም፤ «ኢን» ወደ መጨረሻ ሲሄድ ግን «ዘ ሀውስ አይ ሊቭ ኢን» ትክክል ነው።

ከአማርኛ የሚወረስ አንድ ስሕተት አለ። «የገዛሁት» በሚለው ግስ መጨረሻ ያለችው «ት» መጽሐፉን መልሳ ትጠቅሳለች፤ ያንን የለመደ አፍ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» ይላል። እንግሊዝኛ የተገዛውን ሁለት ጊዜ አይጠራም። «ዛት» ቢኖርም ቢቀርም «ኢት» መውጣት አለበት።