ሪንጊት ከፋይ፣ ባት ተቀባይ

በደቡብ ታይላንድ ሃት ያይ የምትባል ከተማ አለች። ከማሌዥያ ድንበር ብዙ ስለማትርቅ ማሌዥያውያን ለመብላትና ለመገብየት ይጎርፉባታል። አንዲት ጎብኚ ከመንገድ ዳር የ60 ባት ኑድል በላች እንበል። ቦርሳዋ ውስጥ ባት የለም። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በአገሯ ባንክ አፕ ስካን አድርጋ 60 ብላ ትጽፋለች። የዕለቱ ምንዛሪ 1 ሪንጊት በ7.5 ባት ከሆነ ስልኳ «8 ሪንጊት» ይላታል። የሚስጥር ቁጥሯን ስታስገባ የሻጩ ስልክ ወዲያው ገንዘብ መግባቱን ያሳውቃል።

በዚያች ጥቁርና ነጭ ምስል ውስጥ ያለው አድራሻ ነው። ምስሉ ሲፈታ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ይወጣል፤ ከመካከሉም እነዚህ ይገኛሉ፦

```
5303764
5802TH
```

53 ማለት «ቀጥሎ የሚመጣው የገንዘብ ዓይነት ነው» ማለት ነው፤ 03 ርዝመቱን ይናገራል፤ 764 የባት መለያ ቁጥር ነው። በሁለተኛው መስመር ደግሞ 58 አገርን፣ TH ታይላንድን ያመለክታል። የማሌዥያው አፕ የባዕድ አገር ኮድ እንደገጠመው የሚያውቀው ከዚህ ነው። ማንበብ የቻለውም ሁለቱም አገሮች ኢኤምቪኮ የተባለው የካርድ ድርጅቶች ኅብረት ያወጣውን አንድ አጻጻፍ ስለሚከተሉ ነው።

ማንበብ ብቻውን ግን አያስከፍልም። የማሌዥያው የክፍያ መረብ ዱይትናው እና የታይላንዱ ፕሮምፕትፔይ በ2021 በኪውአር ክፍያ ተያይዘዋል። የጎብኚዋ ባንክ ትእዛዙን ለአገሩ መረብ ይሰጣል፤ ያ መረብ ለታይላንዱ ያስተላልፋል፤ የታይላንዱ ደግሞ ለሻጩ ባንክ ያደርሳል። በዚያች ቅጽበት ድንበር የሚሻገረው መልእክት ነው። የእሷ ባንክ ሪንጊት ይቀንሳል፣ የሻጩ ባንክ ባት ይጨምራል፤ ባንኮቹ እርስ በርስ የሚተሳሰቡት በኋላ ነው። ሻጩ ስለ ምንዛሪ ምንም ማወቅ አይጠበቅበትም፤ እኔ ከዚህ አሠራር ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

አንዳንዴ ግን ስካኑ እምቢ ይላል። የጎብኚዋ ባንክ በትስስሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ወይም ሻጩ የለጠፈው የግል ሒሳቡን ኮድ ይሆናል፤ ትስስሩ የተሠራው ግን ለነጋዴ ኮድ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የተለጠፈው ኮድ የሻጩ ሳይሆን ሲቀር ነው። በ2023 በኢንዶኔዥያ ዋና ከተማ ጃካርታ አንድ ሰው በመስጊዶች የምጽዋት ኮድ ቦታ የራሱን ለጥፎ ተይዟል። ከፋዩ ይህን የሚያውቅበት አንድ ጊዜ አለ፦ የሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት አፑ የተቀባዩን ስም ያሳያል። በዚያች ቅጽበት ስልኩን ለሻጩ አሳይቶ «ይህ ስም የእርስዎ ነው?» ማለት ይገባል፤ መጠኑንም አብሮ ያሳየው። የተለጠፈ ኮድ ዋጋ ስለማይዝ 60 ሊጽፍ የፈለገ ጣት 600 ሊጽፍ ይችላል።