ከክትባት በኋላ የሚመጣ ትኩሳት፦ ሰዓቱን መጠየቅ

ወላጆች «ልጃችን ከተከተበች በኋላ ሰውነቷ ጋለ» ሲሉኝ፣ ከትኩሳቱ መጠን አስቀድሜ የምጠይቀው መቼ እንደ ጀመረ ነው። በ6ኛው ሳምንት የሚሰጠው የፔንታቫለንት ክትባት የተገደሉ የትክትክ ባክቴሪያዎችን ይዟል። ሰውነት ለእነርሱ የሚሰጠው ምላሽ ትኩሳትና መነጫነጭን ያመጣል፤ ይህም በአብዛኛው በዚያው ዕለት ጀምሮ በ2 ቀን ውስጥ ይበርዳል።

አንዲት ሕፃን ሰኞ ጠዋት ተከተበች። ማታ በብብቷ ሲለካ 38.1 ዲግሪ ሆነ፤ አለቀሰች፤ ነገር ግን ስትታቀፍ ዝም ትል፣ ጡትም ትጠባ ነበር። እስከዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው። ማክሰኞ ማታ ትኩሳቱ ለቀቃት። ሐሙስ ግን 38.4 ሆኖ ተመለሰ፤ ጡትም እንቢ አለች። ቤተሰቡ «ክትባቱ ነው» ብሎ አንድ ቀን አሳደረ። በምርመራ የተገኘው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። በዚህ ዕድሜ ለቆ የተመለሰ ትኩሳት በፔንታቫለንት አይመካኝም፤ በዚያው ቀን መመርመር አለበት። (የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ሌላ ነው፤ የእርሱ ትኩሳት ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመጣል።)

ሰዓቱ የሚስማማ ቢሆንም እንኳ፣ 39 የደረሰ ትኩሳት፣ ከ3 ሰዓት በላይ የማያባራ ለቅሶ፣ መንቀጥቀጥ፣ መዝለፍለፍ ወይም ጡት መተው ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።