«ያልተገደበ» ሲባል ምኑ ነው ያልተገደበው?

የወሩን ያልተገደበ የዳታ ጥቅል ገዝተዋል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ኢንተርኔቱ እንደ ልብ ነው። ልጆቹ ከስልክዎ ሆትስፖት ተቀብለው ቴሌቪዥኑ ላይ ዩቲዩብ ይከፍታሉ፤ ማንም «ጥቅሉ ሊያልቅ ነው» ብሎ አይጨነቅም። በአሥራ አንደኛው ቀን ምሽት ግን ምስሉ እየቆመ ይሄዳል። ስልኩ አሁንም 4ጂ ይላል፤ የሲግናሉ ዘንጎችም ሙሉ ናቸው። አዳማ ላይ እንዲህ ሲገጥመን ወዲያው የሚመጣልን መልስ «ኔትወርኩ ተጨናንቋል» የሚለው ነው። አንዳንድ ጊዜ ልክ ነን። ብዙ ጊዜ ግን የሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ከጥቅሉ ስም ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈው «የፍትሐዊ አጠቃቀም» ደንብ ሥራውን ጀምሯል።

ደንቡ የሚለው ቀላል ነው። ያልተገደበ ጥቅል ያልተገደበው በመጠን እንጂ በፍጥነት አይደለም። የተወሰነ ጊጋባይት እስኪደርሱ ድረስ ኔትወርኩ በሚችለው ፍጥነት ይጠቀማሉ። ከዚያ በኋላ መስመሩ አይቋረጥም፣ ተጨማሪ ገንዘብም አይቆረጥብዎትም፤ ፍጥነቱ ግን ይቀነሳል። ስለዚህ ጥቅል ሲገዙ ከዋጋው ጋር ሁለት ቁጥሮችን መጠየቅ አለብዎት። ፍጥነቱ የሚቀነሰው ስንት ጊጋባይት ሲደርስ ነው? ከተቀነሰስ ስንት ላይ ይቆማል? ሻጮች ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ነው፤ ኑሮዎን የሚወስነው ግን ሁለተኛው ነው።

ኩባንያዎቹ ይህን የሚያደርጉበት ምክንያት አላቸው። ሰፈርዎ ያለው አንቴና ያለውን አቅም የሚያካፍለው በዚያች ሰዓት ለተገናኙት ሁሉ ነው። ጥቂት ሰዎች ቀንና ሌሊት ፊልም ቢያወርዱ የጎረቤቶቻቸው ስልክ ይንቀራፈፋል። ቅነሳው ራሱ ግን አንቴናው ላይ የሚደረግ አይደለም። የኩባንያው ማዕከላዊ ሥርዓት በእርስዎ ሲም ያለፈውን ዳታ ይቆጥራል፤ ገደቡ ሲሞላ ለዚያ ሲም ብቻ ጣሪያ ያበጅለታል። ስልክዎ 4ጂ ማሳየቱን የማይተወው ለዚህ ነው፤ ከአንቴናው ጋር ያለው ግንኙነት ምንም አልሆነም።

አሁን አንድ ቤተሰብ እናስብ። አዳማ የሚኖሩ አምስት ሰዎች ናቸው፤ በአንድ ስልክ ላይ ያልተገደበ ወርሃዊ ጥቅል አላቸው። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ብቻ ይሁኑልን፤ የእርስዎ ጥቅል የተለየ ሊሆን ይችላል። ገደቡ 30 ጊጋባይት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 512 ኪሎቢት ነው እንበል። ቴሌቪዥኑ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ያህል በ720 የምስል ጥራት ዩቲዩብ ያሳያል። ይህ ጥራት በሰዓት በግምት 1.5 ጊጋባይት ይበላል፤ ስለዚህ በቀን 3 ጊጋባይት መሆኑ ነው። የስልኮቹን ቲክቶክና ቴሌግራም ገና ሳንቆጥር 30ው ጊጋባይት በአሥረኛው ቀን አለቀ። የቀሩት ሃያ ቀናት የቅነሳ ቀናት ናቸው።

ታዲያ 512 ኪሎቢት ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ኪሎቢትና ኪሎባይት አንድ አይደሉም። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 512 ኪሎቢት ማለት በሰከንድ 64 ኪሎባይት ብቻ ነው። በቴሌግራም የተላከ ጽሑፍ ሳይዘገይ ይደርሳል፤ የድምፅ ጥሪም ይሠራል፤ ውጭ አገር ካለች እህትዎ ጋር በድምፅ ማውራት አይቸግርዎትም። የቪዲዮ ጥሪው ግን ይቆራረጣል። 100 ሜጋባይት የሚመዝን የአንድ መተግበሪያ እድሳት ለብቻው 26 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዩቲዩብ በ240 ጥራት ይሄዳል፤ በ720 አይሞከርም። ይህ ሁሉ መስመሩን አንድ ሰው ብቻ ሲይዘው ነው። ሦስት ልጆች ሆትስፖቱ ላይ ከተጣዱ ያንኑ 64 ኪሎባይት ይሻሙበታል።

ስሌቱን አንድ እርምጃ ብንገፋው ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። በዚህ ፍጥነት ስልኩ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት ቢያወርድ እንኳ በቀን ከ5.5 ጊጋባይት ብዙም አያልፍም። ወረቀቱ ላይ ገደብ የለም፤ ፍጥነቱ ራሱ ግን ገደብ ሆኖ ይቀመጣል።

ቅነሳን ከመጨናነቅ መለየት ከባድ አይደለም። ሆትስፖቱን ዘግተው በስልኩ ማሰሻ ላይ fast.com ብለው ይጻፉና የሚያወጣውን ቁጥር ይያዙ። አንድ ጊዜ ሁሉም ሰው መስመር ላይ በሚሆንበት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይለኩ፤ ሌላ ጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ። ማታ ቀርፎ ሌሊት የሚፈጥን ከሆነ ችግሩ መጨናነቅ ነው። ሌሊትም ማታም እዚያው 0.5 ሜጋቢት አካባቢ ከቆመ ጣሪያ ተበጅቶልዎታል። መንገደኛ ከሆኑ ደግሞ የበለጠ ግልጽ ይሆንልዎታል። ወደ ሐዋሳ ሲወርዱ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ ላይ ይለኩ። መጨናነቅ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ የሲም ጣሪያ ግን አብሮዎት ይጓዛል። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ወደ ላይ ግን ንቅንቅ አይልም። የዚያው ኩባንያ የሆነና ገደቡ ያልሞላ የሌላ ሰው ሲም አጠገብዎ ካለ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን መለካት ጥርጣሬውን ይቆርጠዋል።

ጉዳዩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 የከሰሰው በዚሁ ነገር ነበር፤ «ያልተገደበ» ብሎ ከሸጠ በኋላ አንዳንድ ደንበኞችን በወር 2 ጊጋባይት ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንስ ነበር። በ2019 ኩባንያው 60 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ፍጥነት መቀነስ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ቅነሳውን ጎልቶ በሚታይ ቦታ ሳይገልጹ «ያልተገደበ» ብሎ ማስተዋወቅ ነው። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። ቅነሳው በራሱ ስርቆት አይደለም፤ ነውሩ «ያልተገደበ» በሰፊው ተጽፎ ቅነሳው በደቃቁ መጻፉ ነው።

ወደ ቤተሰባችን እንመለስ። ቴሌቪዥኑን ከ720 ወደ 480 ጥራት ቢያወርዱት በሰዓት የሚበላው ወደ ግማሽ ጊጋባይት ይቀንሳል። በቀን 1 ጊጋባይት ማለት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ብቻውን ቢሆን 30ው ጊጋባይት ወሩን ያደርሰዋል። ልዩነቱን መካከለኛ ስፋት ባለው ቴሌቪዥን ላይ ልጆቹ ልብ አይሉትም፤ ኳስ የሚያየው አባት ግን ያጉረመርማል። ቀጥሎ የቴሌግራምን ፎቶና ቪዲዮ በራሱ የማውረድ ልማድ ማጥፋት ነው፤ የቤተሰብና የዕድር ግሩፖች ማንም የማያየውን ቪዲዮ ሌሊቱን ሙሉ ያወርዳሉ። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ «Data warning & limit» የሚል ቦታ አለ። ቆጠራው የሚጀምርበትን ቀን ጥቅሉን በገዙበት ቀን ያድርጉት፤ ማስጠንቀቂያውንም ከገደቡ ትንሽ ዝቅ አድርገው ያስቀምጡ። በሆትስፖት ለሌሎች የሰጡትም እዚያው ይቆጠራል።

ጥቅሉን በ *999# ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ በ994 ደውለው ይጠይቁ፤ የሳፋሪኮም ደንበኛም የራሱን ኩባንያ ይጠይቅ። በሆትስፖት ለማካፈል የተለየ ገደብ ካለም አብረው ይጠይቁ፤ የተነገረዎትን ከነቀኑ ይጻፉት። ገደቡ ሳይሞላ ፍጥነቱ ከወረደ በማታና በሌሊት የለኳቸውን ቁጥሮች የስክሪን ፎቶ ይዘው መጀመሪያ ለኩባንያው ያመልክቱ። መልስ ካጡ አቤቱታዎን የሚወስዱት የዘርፉ ተቆጣጣሪ ወደሆነው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።