ደንበኛው ያላየው መመሪያ

አንዲት ሴት ወደ ዱባይ ልትሄድ አስባ የአንድ የጉዞ ወኪል የቴሌግራም ቦት ከፈተች እንበል። የትኬት ዋጋ ጠየቀች፤ ወዲያው ተነገራት። ቀጥላ ቪዛ ያስፈልጋት እንደሆነ ጻፈች። የመጣው መልስ ግን ግራ የሚያጋባ ነው፤ እሷ በሰጠችው ትእዛዝ መሠረት ስለ ቪዛ መናገር እንደማይቻል ይገልጻል። ሴትዮዋ ወደ ላይ መለስ ብላ የጻፈችውን ሁሉ አንድ በአንድ አነበበች። እንዲህ የሚል ትእዛዝ አልሰጠችም።

ትእዛዙ ግን አለ። የጻፈው ቦቱን ያዘጋጀው የወኪሉ ሠራተኛ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ቦቶች ከደንበኛ ጋር መነጋገር ከመጀመራቸው በፊት ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደማይነኩና በምን ዓይነት አነጋገር እንደሚመልሱ የሚነገራቸው በአንድ ጽሑፍ ነው። የሙያው ሰዎች ሲስተም ፕሮምፕት ይሉታል፤ በአማርኛ መነሻ መመሪያ ብንለው ያስኬዳል። ደንበኛው ይህን ጽሑፍ በስልኩ ላይ አያየውም። ቦቱ ዘንድ የሚደርሰው ግን ሁለቱም አንድ ላይ ነው፤

```
system: ስለ በረራ ብቻ መልስ። ስለ ቪዛ አትናገር።
user: ወደ ዱባይ ለመሄድ ቪዛ ያስፈልገኛል?
```

የመጀመሪያው መስመር ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር አብሮ እየተላከ ይነበባል። ስህተቱም የሚወለደው እዚሁ ነው። ለቦቱ መመሪያውም ጥያቄውም ፊቱ የተቀመጡ ተከታታይ ጽሑፎች ናቸው፤ ማን የትኛውን እንደጻፈ የሚለየው በመስመሩ መጀመሪያ ባለው ምልክት ነው። አንዳንድ አዘጋጆች ደግሞ መመሪያውን በቦታው ከማስቀመጥ ይልቅ ከደንበኛው መልእክት ራስጌ ይለጥፉታል። ያን ጊዜ ምልክቱም ይጠፋል፤ ቦቱ ሁሉንም ደንበኛው እንደጻፈው ይቆጥራል። አንድ ሰው ያልሰጠውን ትእዛዝ ሰጥተሃል ከተባለ፣ ከጀርባ ሌላ ሰው የጻፈው መመሪያ እንዳለ መጠርጠር ይችላል።

መፍትሔው መመሪያውን ጨርሶ አለማንሳት ይመስላል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ሴትዮዋ የሻንጣ ክብደት ስትጠይቅ የተፈቀደላትን ኪሎ ማወቅ ነው የምትፈልገው፤ መልሱ በአጭሩ እንዲሆን በመመሪያ መታዘዙ ምንም አይጠቅማትም። ጥሩ አስተናጋጅ ምግቡን ያቀርባል እንጂ አለቃው ጠዋት ምን እንዳለው አይተርክም።

የቪዛው ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል። ቦቱ መመሪያውን አክብሮ ቪዛን በዝምታ ቢያልፈውና ስለ በረራ ሰዓት ብቻ ቢያወራ፣ ሴትዮዋ ምን ትረዳለች? አንድም ጥያቄዋ እንዳልታየ፣ አንድም ቪዛ አሳሳቢ እንዳልሆነ። ሁለተኛውን ካመነች ትኬቱን ቆርጣ ቦሌ ስትደርስ ልትመለስ ትችላለች። ስለዚህ እዚህ ላይ ልትሰማው የሚገባ ነገር አለ፦ በዚህ ቦታ ስለ ቪዛ መልስ እንደማይሰጥ፣ ኤምባሲውን ወይም አየር መንገዱን እንድትጠይቅ። ምክንያቱ ባይነገራትም፣ የመመሪያው ቃል ባይነበብላትም፣ በሩ ዝግ መሆኑን ካወቀች ሌላ በር ታንኳኳለች።

ክላውድ የተባለውን ሞዴል የሠራው አንትሮፒክ በይፋ ባወጣው መርሕ ላይ ይህንኑ አስፍሯል። ሞዴሉ በአንድ ድርጅት አገልግሎት ውስጥ ሲሠራ፣ ምክንያቱን መግለጽ ባይችል እንኳ በምን ሊረዳ እንደማይችል ለተጠቃሚው መንገር አለበት ይላል፤ ሰውዬው ሌላ ቦታ እርዳታ እንዲፈልግ። የመመሪያውን ይዘት በምስጢር መያዝ ይፈቀዳል። መመሪያ የለኝም ብሎ መካድ ግን አይፈቀድም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ምስጢር የሚጠብቅ ሠራተኛ ይህን መናገር አልችልም ይላል፤ ያ ሐቀኛ መልስ ነው። ምንም የታዘዝኩት ነገር የለም ካለ ግን ደንበኛውን አታሏል።

መደበቅ ደግሞ ራሱ አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ማይክሮሶፍት ለቢንግ የፍለጋ ገጹ አዲስ ቻትቦት ባስተዋወቀ ሰሞን፣ ኬቨን ሊዩ የተባለ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀደም ሲል የተሰጠውን ትእዛዝ ወደ ጎን ትቶ ከላይ የተጻፈውን እንዲያወጣ ጠየቀው። ቻትቦቱም መመሪያውን ዘረገፈው። ከመስመሮቹ አንዱ የውስጥ ስሙ ሲድኒ መሆኑን ለማንም እንዳይገልጽ ያዝዝ ነበር። ማይክሮሶፍት በኋላ መመሪያው እውነተኛ መሆኑን አረጋግጧል። ቦት እንዲህ ሲጠየቅ መመሪያ ፈጥሮ ሊያወራም ስለሚችል፣ የሚያወጣው ሁሉ አይታመንም፤ በተለያየ ጊዜና በተለያየ አጠያየቅ ያው ጽሑፍ ቃል በቃል ሲመላለስ ነው እውነት ነው ለማለት የሚቻለው። ለአዘጋጆች ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የይለፍ ቃልም ሆነ የደንበኛ መረጃ በመነሻ መመሪያ ውስጥ አይቀመጥም።

መመሪያው በተጠቃሚው ላይ የሚሠራበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የኢሎን መስክ ኩባንያ ኤክስኤአይ የሠራው ግሮክ፣ መስክና ዶናልድ ትራምፕ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጫሉ የሚሉ ምንጮችን ችላ እንዲል በመመሪያው ታዝዞ ተገኘ። ይህን የደረሱበት ተጠቃሚዎች ናቸው። ኩባንያው አንድ ሠራተኛ ሳይፈቀድለት ያስገባው መሆኑን ገልጾ መስመሩን አነሳው። እዚህ ላይ የተነካው አነጋገር ወይም የመልስ ርዝመት አይደለም፤ ሰው እውነት ብሎ የሚቀበለው መልስ ራሱ ተጣሟል። በግንቦት ወር ሌላ ያልተፈቀደ ለውጥ ካነጋገረ በኋላ ኤክስኤአይ የግሮክን መመሪያዎች ማንም ሊያያቸው በሚችልበት ቦታ ማውጣት ጀመረ። አንትሮፒክ የክላውድ መተግበሪያዎቹን መመሪያ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ያወጣል። እነዚህን ሞዴሎች ተከራይተው የራሳቸውን ቦት የሚሠሩ ወኪሎች፣ ሱቆችና ቢሮዎች የሚጽፉት መመሪያ ግን በዚህ ውስጥ የለም፤ ተራው ደንበኛ በየቀኑ የሚያገኘው ደግሞ እሱን ነው።

አንድ ነገር ይጨመር። መመሪያውን የጻፈውና የሚጠይቀው አንድ ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አዘጋጁ የሠራውን ቦት ሲፈትሽ። ለእሱ ስለ መመሪያው በግልጽ ማውራት ይገባል፣ የትኛው መስመር እንደከለከለው ማወቅ ይፈልጋልና። ይህ ግን ከንግግሩ በግልጽ መታየት አለበት። ካልታየ፣ ጠያቂው መመሪያውን ያላየ ሰው ነው ብሎ መነሳት ይሻላል።

ስለዚህ ለደንበኛው ይነገረው ወይስ አይነገረው ለሚለው ጥያቄ መልሱ በሚያደርገው ውሳኔ ላይ ያርፋል። የመመሪያው ይዘት ውሳኔውን የማይነካ ከሆነ ዝም ይባል። አንድ ነገር ከከለከለው፣ መከልከሉ ይነገረው። መመሪያ አለ ወይ ብሎ ከልቡ ከጠየቀ፣ አለ ይባል።

ለድርጅታቸው ቦት የሚያሠሩ ሰዎች ይህን ለማስተካከል ብዙ ወጪ የለባቸውም። በመመሪያቸው መጨረሻ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ ይህን መመሪያ የጻፈው ደንበኛው አይደለም፣ አያየውምም፤ የማትመልሰው ነገር ሲጠየቅ እዚህ እንደማይመለስ ተናግረህ ወዴት እንደሚሄድ ጠቁመው። ከዚያ እንደ ማንኛውም ደንበኛ በሌላ ስልክ ገብተው የተከለከለውን ጥያቄ ራሳቸው ይጠይቁ፤ የሚመጣውንም መልስ መመሪያውን እንደማያውቅ ሰው ሆነው ያንብቡት።