የሚለካ ማገገም፦ ለመድን ሰጪ የሚቀርብ የፊዚዮቴራፒ ሪፖርት እንዴት ይጻፋል?



ዛሬ የምናገረው አብዛኞቻችሁ እንደ ተራ የቢሮ ወረቀት ስለምታዩት ሰነድ ነው። ከጊንጪ እስከ ጌዶ ባለው መንገድና በየከተሞቻችን መጋዘኖች፣ የድንጋይ ካባዎችና የግንባታ ሥፍራዎች የተጎዱ ሰዎች ወደ አምቦ ለሕክምና ይመጣሉ። ከእነርሱ መካከል አሠሪያቸው የመድን ዋስትና የገባላቸው ይገኙበታል። በዚህ ጊዜ መድን ሰጪው ፊዚዮቴራፒስቱን በጽሑፍ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሰውየው ምን ያህል አገገመ? ምን ይቀረዋል? ሕክምናው እስከ መቼ ይቀጥላል?

መልሱ ገንዘብ አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ሰውየው መሥራት መቻሉ በሕክምና ሲረጋገጥ ክፍያው ይቋረጣል። ስለዚህ «ታካሚው ጥሩ መሻሻል አሳይቷል» ብለን ብቻ ብንጽፍ፣ አንባቢው «እንግዲያስ ወደ ሥራው ይመለስ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። «አሁንም ሕመም አለው» ብለን ብቻ ብንጽፍም፣ «ታዲያ ሕክምናው ምን ጠቀመ?» ተብሎ ክፍያው ሊከለከል ይችላል። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ሆነው ሁለቱም ታካሚውን ይጎዳሉ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ምሳሌው ለትምህርት የተዘጋጀ እንጂ የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደለም። በጉደር ከተማ በእህል መጋዘን ጫኝና አውራጅ ሆኖ የሚሠራ የ34 ዓመት ሰው የጆንያ ክምር ተንዶበት የቀኝ ጭን አጥንቱ ተሰበረ እንበል። በቀዶ ሕክምና ብረት ተገባለት፤ በስድስተኛው ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ጀመረ። ለስምንት ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በሚኒባስ ወደ አምቦ ተመላለሰ። ከ16ቱ ቀጠሮዎች በ14ቱ ተገኝቷል። ይህ ቁጥር ራሱ በሪፖርቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ታካሚው የድርሻውን መወጣቱን የሚያሳይ የመጀመሪያው ማስረጃ ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ግብ ነው። ብዙ ጊዜ ሪፖርቶች ላይ «የጉልበት መታጠፍን ማሻሻል» የሚል ግብ ይሰፍራል። ይህ ግን የጉልበት እንጂ የሰውየው ግብ አይደለም። እርሱ የሚያስፈልገው በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ብሎ ያለ ድጋፍ መነሣት፣ በበርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ከቤቱ እስከ መጋዘኑ ሳያርፍ መሄድ፣ በመጨረሻም 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጆንያ መሸከም ነው። በደልዳላ መሬት ለመራመድ ጉልበት ወደ 60 ዲግሪ ያህል ቢታጠፍ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ቁጢጥ ለማለት ግን ከ130 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። በባሕር ማዶ መጻሕፍት ላይ 110 ዲግሪ እንደ መልካም ውጤት ቢቆጠር፣ ምክንያቱ የዚያ አገር ታካሚ ወንበርና ደረጃ እንጂ ጉድጓድ መጸዳጃ ስለማይጠብቀው ነው። የጉደሩን ሰው በ110 ዲግሪ «ተፈጽሟል» ብሎ ማሰናበት ቁጢጥ ማለት እንዳቃተው ወደ ቤቱ መላክ ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ እንምጣ። ሲጀምር ጉልበቱ 65 ዲግሪ ይታጠፍ ነበር፤ በአራተኛው ሳምንት 98፣ በስምንተኛው 118 ዲግሪ ደረሰ። በስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ልኬት መጀመሪያ በሁለት ክራንች 180 ሜትር ሄደ፤ በአራተኛው ሳምንት በአንድ ክራንች 270፣ በስምንተኛው ያለ ክራንች 372 ሜትር ሄዷል። ሸክም ሲጀምር አልተሞከረም፤ አሁን 15 ኪሎ ግራም ይዞ 20 ሜትር ይሄዳል።

እነዚህ ቁጥሮች የሚታመኑት ሁኔታቸው አብሮ ሲጻፍ ነው። ጉልበት ተኝቶ ሲለካና ተቀምጦ ሲለካ ውጤቱ ይለያያል። በጎኒዮሜትር የሚለካ አንግል፣ ያው ባለሙያ ደግሞ ቢለካው እንኳ፣ እስከ 5 ዲግሪ ገደማ ሊዛነፍ ይችላል፤ ስለዚህ ከ115 ወደ 118 መድረስ ብቻውን መሻሻል ሊባል አይችልም። የእግር ጉዞው በ30 ሜትር መተላለፊያ ተለክቶ በሌላ ቀን በ10 ሜትር መተላለፊያ ቢደገም፣ ደጋግሞ መዞሩ ርቀቱን ይቀንሰዋል፤ ያልደከመ ሰው የደከመ ይመስላል። ክራንቹ ካልተጠቀሰ ደግሞ የ180ና የ372 ንጽጽር ትርጉሙን ያጣል።

ልብ የሚል የመድን ባለሙያ አንድ ጥያቄ ያነሣል። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት 33 ዲግሪ ተገኘ፤ በቀጣዮቹ አራት ግን 20 ብቻ፤ ታዲያ ማገገሙ ቆሟል ማለት አይደለምን? ሪፖርቱ ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ መመለስ አለበት። ፍጥነቱ ቀንሷል፤ ነገር ግን 20 ዲግሪ ከልኬት ስሕተቱ እጅግ ይበልጣል፤ ለግቡም የቀረው 12 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ የተጨማሪ ስድስት ሳምንታት፣ ማለትም የ12 ቀጠሮዎች ጥያቄ ምክንያት አለው። ከጥያቄው ጋር የማቆሚያ መስፈርትም ይጻፋል፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ በሚደረገው ልኬት ለውጡ ከ5 ዲግሪ ካልበለጠ፣ ሕክምናው በዚያው መልክ አይቀጥልም፤ ታካሚው ወደ አጥንት ቀዶ ሐኪሙ ይመለሳል። ይህን የጻፈ ባለሙያ ገደብ የሌለው ገንዘብ እንዳልጠየቀ ይታወቅለታል።

ስለ ሸክሙ ግን ሪፖርቱ መጠንቀቅ ይገባዋል። የጡንቻ ጥንካሬ ከ0 እስከ 5 በሚሰጠው መለኪያ 4 ማግኘት ለጫኝና አውራጅ ብዙ አይነግረንም፤ የእጃችንን ግፊት መቋቋም ጆንያ ከመሸከም ጋር አይተካከልምና። ስለዚህ ግቡ እንዲህ ይጻፋል፦ ሐኪሙ አጥንቱ መጋጠሙን በራጅ ካረጋገጠ በኋላ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ 30 ኪሎ ግራም 20 ሜትር፣ በተከታታይ አሥር ጊዜ መሸከም። 30 ኪሎ ግራም ግን 50 አይደለም። በመሆኑም ሪፖርቱ ሰውየው ያን ጊዜ ሚዛን መያዝንና ጆንያ መስፋትን የመሰለ ቀላል ሥራ ሊሠራ እንደሚችል፣ ለሙሉ ሸክም ግን ገና ብቁ እንዳልሆነ ለይቶ ይናገራል። «ሥራ ይችላል» ወይም «አይችልም» ከሚል አንድ ቃል ይልቅ ይህ ለአሠሪውም ለመድን ሰጪውም የሚሠራበት መልስ ነው።

በመጨረሻ ድንበራችንን እንወቅ። ቋሚ የአካል ጉዳት በመቶኛ የሚወሰነው በሕክምና ቦርድ ነው፤ ፊዚዮቴራፒስት ያን ቁጥር በሪፖርቱ ሊጽፍ አይገባውም። የአደጋውን ጥፋተኛም አይፈርድም። የእርሱ ድርሻ ቦርዱ ሲሰበሰብ በጠረጴዛው ላይ የሚያገኘውን ማስረጃ ማዘጋጀት ነው፦ በየትኛው ቀን፣ በምን ሁኔታ፣ ምን እንደተለካ፣ ያም ልኬት ለዚህ ሰው ኑሮ ምን ማለት እንደሆነ። በምሳሌያችን ሰውየው ከተጎዳ 14 ሳምንት ሆኖታል፤ ሙሉ ደመወዝ የሚያገኝበት ጊዜ አልፏል። የተጠየቁት ስድስት ሳምንታት ሲጨመሩ 20 ሳምንት ይሆናል፤ ይህም ክፍያው ወደ 50 በመቶ ሊወርድ ከሚችልበት ስድስተኛ ወር በፊት ነው። ሪፖርቱ በወቅቱ ካልተላከና ሕክምናው በማጽደቅ ጥበቃ ከተቋረጠ ግን፣ የጉልበቱ ግትርነት ሳይፈታ የደመወዙ ግማሽ ሊታጣ ይችላል።